ትልቁ አንጀት ይቅደም

የአክስቴ ፀጉር ቤት ጎንደር ውስጥ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሦስት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማጠቢያ፣ ሁለት ካስክና ወገቤ ድረስ የሚመጣ ስፒከር አለው። ካስክ የምንለው ደንበኞች ራሳቸውን ከተው የሚቀመጡበትን፣ እየጮኸ ፀጉር የሚያደርቀውን ማሽን ነው። ስፒከሩ በር ላይ ይቀመጣል። ቤቱ ሲከፈት ይከፈታል፣ ቤቱ ሲዘጋ ይዘጋል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ዝም ሲል አንዲት አላፊ ሴት አንገቷን አስገብታ፣ "ምነው፣ ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተባችሁ እንዴ?" ብላ ጠይቃናለች። አክስቴ ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ ይዛው ቀረች። ስፒከሩን ትንሽ ቀንሺልኝ ባልኳት ቁጥር ያችን ሴትዮ ትጠራብኛለች።

እኔ እዚያ ቤት ሹሩባ እሠራለሁ። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ስለዚህ ሥራው ይስማማኛል። ሹሩባ የምትሠራ ደንበኛ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትቀመጠው። ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ሦስት ሰዓት አብረን እናሳልፋለን። ዘፈኑም ለሹሩባ አይከፋም። እጄ ሥራውን ስለሚያውቀው ከምቱ ጋር ይሄዳል፤ ዘፈኑ ሞቅ ሲል እኔም እፈጥናለሁ።

ችግሩ ትምህርቱ ነበር። ከአገሬ ከትክል ድንጋይ ወደ አክስቴ የመጣሁት ያቋረጥኩትን ትምህርት እንድጨርስ ነው። ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩና ፈተናውን ወደቅሁ። አባቴ በስልክ አልተቆጣም። "አንድ ጊዜ ሰው ይወድቃል" አለ። ቀጥሎ ለአክስቴ፣ "ዘንድሮም ከወደቀች ግን ትምጣ፤ እዚህ ሥራ ሞልቷል" ብሎ ዘጋው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አባቴ ሲቆጣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ በቀስታ የተናገረውን ግን አይቀይርም። እኔ ደግሞ ሹሩባ ወድጃለሁ። የፀጉር ሥራ ሥልጠና ለመግባትም መጀመሪያ የሚጠይቁት የስምንተኛ ክፍል ውጤት ነው።

ስለዚህ ደንበኛ በሌለ ጊዜ ሁሉ ደብተሬን አወጣለሁ። አንድ ቀን ከሳይንስ መጽሐፍ ስለ ደም ዝውውር እያነበብኩ ማስታወሻ ስጽፍ ቆየሁ። ሦስት ገጽ ሞላሁ፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ስከልሰው እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ "ደም ከሳንባ ወደ ግራው የልብ ክፍል ይመለሳል። ከዚያም አንተ ከሄድክ ወዲህ ወደ መላው ሰውነት ይሠራጫል።"

ከፍ ብሎ ደግሞ "ኦክስጅን የሌለው ደም ምነው ቀረህ" ይላል።

ይህን ያየችው ፀጉሯን ልትሠራ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሦስተኛ ዓመት ናት፤ የምትማረው ስለ ሰው አእምሮ ነው። ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አንሥታ ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ ከማበጠሪያው ጀርባ ለመደበቅ ሞከርኩ፤ ማበጠሪያው ግን ትንሽ ነው።

"ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ ደብዳቤ?" አለች።

"የኔ አይደለም፣ የስፒከሩ ነው" አልኳት።

ከዚያ ስሠራላት፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ አስረዳችኝ። "የኔ ቆንጆ፣ ስታነቢ ውስጥሽ አንዲት ሴትዮ ቃሉን ታነብልሻለች። ዘፋኙ ደግሞ በሌላ በኩል ሌላ ቃል ያወራባታል። የማንን ትስማ? ቃል ያለው ዘፈን፣ በተለይ ቋንቋውን የምታውቂው፣ ለንባብም ለሽምደዳም ጠላት ነው።"

"የሕንድ ብንከፍትላትስ?" አለች አክስቴ ከማጠቢያው።

"ትንሽ ይሻል ይሆናል፤ ግን እሱም ይረብሻል።"

"ዘፈን ደስታ ይሰጣል፤ የተደሰተ ሰው አይሻለውም?"

"ይሻለዋል። ከማጥናቷ በፊት አንድ ሁለት የምትወደውን ትስማና ዝጉላት።"

"መዝጋት የሚባል ነገር በዚህ ቤት የለም" አለች አክስቴ። ቀጥላም ያችን አላፊ ሴት ጠራች።

ልጅቱ ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ጣቷን ወደ ካስኩ ቀሰረች። "እዚያ ግቢ" አለችኝ። "ድምፅ አለው፣ ቃል የለውም፣ አይለዋወጥም። ዘፈኑን ይውጥልሻል።"

እውነትም ዋጠልኝ። ካስክ ውስጥ ራሴን ከትቼ መጽሐፌን ስገልጥ የሚሰማኝ አንድ ወጥ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እሱንም ረሳሁት። የማኅበራዊ ሳይንስን መጽሐፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበብኩት እዚያ ውስጥ ነው። ሙቀቱን ዝቅ ባደርገውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ፀጉሬ እንደ ጭድ ሆነ። ደንበኞች እርጥብ ፀጉራቸውን ይዘው ቆመው፣ "ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትደርቀው?" ይላሉ። አክስቴ፣ "ታገሡ፣ ምዕራፍ አራት ላይ ናት" ትላቸዋለች።

ማንበቡ እንዲህ ተስተካከለ። ሒሳብ ግን ካስክ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አይሠራም። ለሒሳብ የምሄደው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ወዳለው ግቢ ነበር። እዚያ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሽማግሌ አዝማሪ ናቸው። ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። ከሰዓት በኋላ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሲንቋቸውን ይቃኛሉ።

ተማሪዋ ለሹሩባዋ ስትመለስ ይህን ሰምታ፣ "ማሲንቆ ብቻውን፣ ቀስ ያለ፣ ያለ ቃል ከሆነ ለለመድሽው ሒሳብ አይከፋም" አለች። "አዲስ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ግን እሱንም አስቁሚ።"

አክስቴ ወዲያው ወጥታ ነገሩን ለአያ አቀረበች። "አያ፣ ልጅቱን ያስጠኑልኝ። ማሲንቆ ብቻ፣ ቃል የሌለበት።"

አያ ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። "ያለ ቃል? ምነው፣ ምን በደልኩሽ?"

"ለትምህርት ነው አያ።"

"ለትምህርት ከሆነ ሸጋ" አሉ፤ ፊታቸው ግን ሸጋ አላለም።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ሄደ። እሳቸው በቀስታ ይገዘግዛሉ፣ እኔ የመቶኛ ጥያቄዎችን እሠራለሁ። የማውቃቸው ስለሆኑ እጄ እንደ ሹሩባው ከምቱ ጋር ሄደ። አሥራ ሁለቱን ሠርቼ አሥራ አንዱን አገኘሁ። ከዚያ አያ ሰለቻቸውና አፈጠኑት። እኔም አፈጠንኩ። በዚያ ፍጥነት የሠራኋቸው ስድስት ጥያቄዎች ስድስቱም ስሕተት ነበሩ፤ አንዱ ላይ የአንድ ገበሬ በግ ቁጥር ከዜሮ በታች ወረደ።

ሁለተኛው ችግር ቃል ነበር። አያ ዝም ብለው መቆየት የሚችሉት ሰው እስኪያልፍ ነው። የውኃ ጀሪካን የያዘች ሴት በግቢው ስታልፍ ወዲያው አመሰገኗት፣ ዘር ማንዘሯን ጠሩ፣ ጀሪካኑንም አመሰገኑ። አዲስ ዓይነት ጥያቄ ላይ ስደርስ፣ "አያ፣ እባክዎ ትንሽ ያቁሙልኝ" ማለት ነበረብኝ። ይህን ለማለት ድፍረት እስኪመጣልኝ ድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። በመጨረሻ ወረቀት ላይ "ይቁም" ብዬ ጽፌ አሳየኋቸው። መነጽር ስላላደረጉ ሽልማት መስሏቸው እጅ ነሥተው ተቀበሉኝ፤ ኪሳቸውም ከተቱት።

የቀረኝ ሽምደዳው ነበር። ሳይንስ ላይ በቅደም ተከተል መያዝ ያለበት ነገር ይበዛል። የወደቅሁትም በዚያ ነው። ካስክ ውስጥ አነበዋለሁ፣ ይገባኛል፤ ስወጣ ግን ቅደም ተከተሉ ተበትኗል። የምግብ መፈጨትን ለብቻዬ እያጉተመተምኩ ከአንድ ቦታ ሳላልፍ ያዩኝ አያ፣ "ስጪኝ" አሉ።

"ምን ልስጥዎ?"

"ቃሉን። አንቺ ትሰጪኛለሽ፣ እኔ እቀበልሻለሁ። እኔ የያዝኩት ቃል ከራስሽ አይወጣም።"

አዝማሪ ቤት እንዲህ ነው። ታዳሚው ተነሥቶ "ተቀበል!" ይልና ግጥሙን ይናገራል፤ አዝማሪው እየተቀበለ በዜማ ይመልሰዋል። ለእኔ ግን በሰው ፊት ተነሥቶ "ተቀበል" ማለት ካስኩን ተሸክሞ ከተማውን ከመዞር አይተናነስም። የፀጉር ቤቱን የጓሮ በር ገርበብ አድርጌ፣ ከበስተጀርባው ሆኜ፣ "ምግብ ከአፍ ይነሳል" አልኩ።

"ማን አለ እዚያ?" አሉ አያ።

"እኔ ነኝ።"

"ጮክ በይ እንጂ! ምግቡ ጉሮሮሽ ላይ ቀረ።"

ጮክ አልኩ። ማለት፣ ለእኔ ጮክ የሚባለውን ያህል። ተቀበሉኝ፦

"ምግብ ካፍ ተነሥቶ ጥርስ ሲያላምጠው፣
ምራቅ አቀበለው፣ ጉሮሮም ዋጠው።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንድ ጊዜ ሰምቼ ያዝኩት። ሰጠኋቸው፣ ተቀበሉኝ፤ ሰጠኋቸው፣ ተቀበሉኝ። ጣቴንም አብሬ አስኬድኩት፤ ከአፌ ወደ ጉሮሮዬ፣ ከጉሮሮዬ ወደ ሆዴ። አያ ቀጠሉ፦

"ጨጓራ ተቀብሎ ሲያሸው ሲያሸው ውሎ፣
ለትልቁ አንጀት ሰጠው እጅ ነሥቶ ጎንበስ ብሎ።
ትልቁ ከቀመሰ ትንሹም ይድረሰው፣
ታላቅ እያለማ ታናሽ ማን ያጉርሰው።"

በሳምንት ውስጥ ይህ ነገር ፀጉር ቤቱን ሞላው። አክስቴ ፀጉር ስታጥብ ትዘፍነዋለች። ደንበኞች እየተቀበሉ ያጨበጭባሉ። ከማክሰኝት ለሠርግ የመጡ ሁለት ሴቶች ሠርጉ ላይ ሊያስነኩት ግጥሙን ጠይቀው ሄዱ። እኔም በእንቅልፌ ሳይቀር እየፈጨሁ አድር ነበር።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ተማሪዋ መጣች። ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አክስቴ ጀመረችው፣ እኛም ተቀበልን። ልጅቱ እስከ ጨጓራ ድረስ ከእኛ ጋር ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ ቀጥ አለች።

"ቆይ፣ ቆይ። ከጨጓራ ቀጥሎ ማነው?"

"ትልቁ አንጀት" አልን በአንድ ድምፅ።

"ትንሹ ነው! ምግቡ የሚፈጨውም በአብዛኛው እዚያ ነው። ትልቁ በመጨረሻ የተረፈውን ውኃ የሚመጥ ነው።"

ጭብጨባው ቆመ። ስፒከሩ እንኳ በዘፈኖች መካከል ነበር። እኔ መጽሐፌን ገለጥኩ። መጽሐፉም ትንሹ ነው ይላል። እኔም ለአያ የሰጠኋቸው ትንሹን እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ፤ ሲቀበሉኝ ነው የቀየሩት።

ተያይዘን ወደ ግቢው ሄድን። አያ በጥሞና ሰሙንና ምንም አላፈሩም።

"አውቄ ነው የቀየርኩት" አሉ። "እሷ ትንሹን አስቀደመች፤ ልጅ ናት፣ አታውቅም ብዬ አረምኩላት። ትልቅ ቁጭ ብሎ ለትንሽ ይቀርባል? ነውር አይደለም?"

"አያ፣ አንጀት ነው እኮ!" አለች ተማሪዋ።

"አንጀት ቢሆንስ? ሥርዓት የለውም?"

"ስሙ ነው እንጂ፤ ትንሽ የተባለው ቀጭን ስለሆነ ነው። በርዝመት ከሆነ እሱ ይበልጣል።"

አያ አሰቡበት። "ቀጭን ረጅም ከሆነ ይከበር፤ ግን ስሙን መጀመሪያ ትልቅ ይበሉት፣ ያኔ አስቀድመዋለሁ።"

እኔ ግን ማሰብ የጀመርኩት ሌላ ነገር ነበር። ቃሉን ለማረም ሞከርኩ፤ በልቤ "ለትንሹ አንጀት" አልኩ። ዜማው አላስገባኝም። ጨጓራ ላይ ስደርስ አፌ በራሱ ወደ ትልቁ ይሄዳል። አያ፣ "እኔ የያዝኩት ቃል ከራስሽ አይወጣም" ያሉኝ እውነት ነበር፤ ስሕተቱም አብሮ ተይዟል። ተማሪዋ አይታኝ፣ "ዜማ ሲይዝ እንዲህ ነው፣ ሁሉንም ይይዛል" አለች። "የቀረውን ሦስት ቀን ያለ ምንም ድምፅ፣ ቃሉን ብቻ በይ።" አክስቴም ስፒከሩን ሦስት ቀን ሙሉ ዘጋችው። ሰው ሁሉ እየገባ አጽናናን።

የፈተናው ቀን ዝናብ ነበር። የሳይንሱ ወረቀት ሲሰጠን ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ ብቻ ይሰማል። ሁለቱ አንጀቶች አብረው የቀረቡበት ጥያቄ አሥራ ሰባተኛው ላይ መጣ፦ ምግብ ከጨጓራ ቀጥሎ የሚሄደው ወዴት ነው? ሀ ትልቁ አንጀት፤ ለ ጉበት፤ ሐ ትንሹ አንጀት፤ መ ጉሮሮ።

ሦስት ቀን ያለ ድምፅ ያጠናሁት "ትንሹ" አለኝ። ሁለት ወር የዘፈንኩት "ትልቁ" አለኝ። የቱ የመጽሐፉ፣ የቱ የአያ እንደሆነ ተምታታብኝ። ለመለየት ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ከመሐል መጀመር አይቻልም፣ ዜማ ከመሐል አይነሳም። ምግብ ካፍ ተነሥቶ፤ ጣቴ ከአፌ ተነሣ። ጉሮሮም ዋጠው፤ ጣቴ ወደ አንገቴ ወረደ። ጨጓራ ተቀብሎ፤ ሆዴን ያዝኩ። ሲያሸው ሲያሸው ውሎ፤ ማሸት ጀመርኩ። ትከሻዬም ሳይነቀነቅ አልቀረም።

ፈታኟ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "ልጄ፣ ምነው? አመመሽ?"

እየዘፈንኩ ነው ማለት አልቻልኩም። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"ሆድሽን?"

ነቀነቅሁ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፈታኟ አዘኑልኝና ክንዴን ይዘው ራሳቸው ወደ ሽንት ቤት ወሰዱኝ፤ ውጭ ጃንጥላ ይዘው ጠበቁኝ።

በሩን ዘግቼ ቆምኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ይጮኻል፤ ልክ እንደ ካስኩ፣ አንድ ወጥ፣ ቃል የሌለው። ልቤ ተረጋጋ። በቀስታ እስከ ጨጓራ ዘፈንኩና አቆምኩ። አሁን ዜማውን ትቼ አያን አሰብኳቸው። በራፋቸው ላይ ሆነው ሲቆጡ ታዩኝ፦ "ትልቅ ቁጭ ብሎ ለትንሽ ይቀርባል? ነውር አይደለም?"

ነውር ያሉት ነው መልሱ። ነውሩን ነው ማክበብ ያለብኝ።

"ዳንሽ?" አሉ ፈታኟ ስወጣ።

"ወርዶልኛል" አልኩ፤ ቀጥሎም ያልኩት ምን እንደሚመስል ገብቶኝ እስከ ክፍሉ ድረስ መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩ። ተቀምጬ ሐን አከበብኩ። ትልቅ ሰው ፊት ቀድሜ የቆረስኩ ያህል ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

ውጤቱ የተለጠፈው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። እኔ ሰሌዳው አጠገብ ለመጋፋት ስላፈርኩ አክስቴ ገባችልኝ። ከሰዉ መሐል የወጣችው እልል እያለች ነው። በብዙ አላለፍኩም፤ ግን አልፌያለሁ። አባቴን ደወልንለት። "እንግዲህ እዚያው ሁኚ" አለ። በቀስታ ነው የተናገረው፤ ስለዚህ አይቀይረውም።

ያን ቀን ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ተማሪዋ ካስክ ውስጥ ናት። አያ ማሲንቋቸውን ይዘው እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ ገቡ። አክስቴ ስፒከሩን ዘጋችው፤ በዚህ ጊዜ ግን አንገቱን አስገብቶ ሰው ሞተባችሁ ወይ ያለን አልነበረም። አያ መገዝገዝ ጀምረው ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ።

"እህሳ፣ የኔ ተማሪ። ከበር ጀርባ ነሽ ዛሬም?"

የያዝኩትን ሹሩባ ለደንበኛዋ በእጇ አስያዝኳት። ተነሣሁ።

"ተቀበል!" አልኩ። አያን አንተ ማለቴ ነው፤ ተቀበሉ አይባልማ። ድምፄ መንገድ ድረስ ተሰማ፤ እኔም ደነገጥኩ።

"ልቀበል!" አሉ አያ እየሳቁ።

"ጨጓራ ተቀብሎ ሲያሸው ሲያሸው ውሎ፣
ለትንሹ አንጀት ሰጠው፣ ትልቁን ዘሎ!"

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አያ ቃል በቃል ተቀበሉኝ፤ አንድም ፊደል አልቀየሩም። እኔም ተሸነፉ ብዬ ቁጭ ልል ስል ማሲንቋቸውን አንድ ጊዜ ጎተት አድርገው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ጨመሩበት፦

"ይኸው ዘመን መጣ፣ ሁሉም ተገልብጦ፣
ትንሽ አንጀት በላ፣ ትልቁን አስቀምጦ።"

እስካሁን ፀጉር ቤታችን ውስጥ የሚዘፈነው በዚህ አዲሱ ነው። እኔ ግን ብቻዬን ሹሩባ ስሠራ፣ እጄ ከምቱ ጋር ሲሄድ፣ አፌ ጨጓራ ላይ ይደርስና አሁንም ለትልቁ አንጀት እጅ ነሥቶ ጎንበስ ይላል።